«እርስዎ» ያሉኝ ቀን

ጤፍ የምገዛቸው ነጋዴ 11 ዓመት ሙሉ «አንቺ» ሲሉኝ ኖረው፣ አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ «እርስዎ» አሉኝ። ለማያውቀን ሰው አክብሮት ይመስላል። እኔ ግን ሚዛኑ አጠገብ ቆሜ ፊቴ ጋለ። አባቴን የሚያህሉ ሰው ልጄ ሲሏት የኖረችውን ሴት ድንገት አንቱ ካሏት አንድ ነገር ተበላሽቷል ማለት ነው። ያበላሸሁት እኔ ነኝ፤ ከአንድ ኩንታል ላይ 600 ብር ለማስቀነስ ብዬ።

የምተዳደረው እንጀራ ጋግሬ በማስረከብ ነው። ሰውየውን «ጋሼ» ነው የምላቸው፣ ስማቸውን እዚህ ባላነሳው ይሻላል። መደብራቸው እህል በረንዳ ነው። በአንድ ምጣድ ሥራ ስጀምር የመጀመሪያዋን ግማሽ ኩንታል ማኛ መዝነው ያሸከሙኝ እሳቸው ናቸው። በ2012 በኮሮና ጊዜ የማስረክብላቸው ካፌዎች ተዘግተው ቤት ስቀመጥ ደወሉልኝና «ልጆቹ ምን ሊበሉ ነው? ነይና ውሰጂ፣ ሲከፈት ትከፍያለሽ» አሉኝ። የዚያን ጊዜ የወሰድኩትን 3 ኩንታል ከፍዬ የጨረስኩት በዓመቱ ጥር ላይ ነው። አንድ ቀን «የታለ?» አላሉኝም።

መቼም ቋንቋችን ደግ ነው፤ ገዢውም ሻጩም እርስ በርሳቸው «ደንበኛዬ» ነው የሚባባሉት። እሳቸውም ለሰው ሲያስተዋውቁኝ «ደንበኛዬ ናት» ይላሉ፣ እኔም «ደንበኛዬ ናቸው» እላለሁ። ያን ቅዳሜ የረሳሁት ይህንን ነበር።

ነገሩ የጀመረው በደስታ ነው። አንድ ትልቅ መሥሪያ ቤት ለሠራተኞች ክበቡ በቀን 350 እንጀራ እንዳቀርብ አዋዋለኝ። እስከዚያ በወር 6 ኩንታል ጤፍ ነበር የምጋግረው፤ በአዲሱ ውል 20 ኩንታል ሊሆን ነው። ሥራው እንዳያመልጠኝ ብዬ በአንድ እንጀራ 28 ብር ፈረምኩ። ማታ ልጆቹ ከተኙ በኋላ ደብተሬን አውጥቼ ሳሰላ ግን እንቅልፌ ጠፋ። የዚያን ሰሞን የማኛ ዋጋ በኩንታል 13,000 ብር ነበር። ከአንድ ኩንታል በእኔ ምጣድ 550 እንጀራ ይወጣኛል። ስለዚህ በአንዱ እንጀራ ውስጥ ያለው ጤፍ ብቻ 23 ብር ከ64 ሳንቲም ይፈጃል። መብራቱ፣ የሁለቱ ልጆች ደመወዝ፣ ማድረሻውና ላስቲኩ ሲደመር ወደ 4 ብር ከ20 ይጠጋል። የሚቀረኝ 20 ሳንቲም አይሞላም።

መፍትሔው ወዲያው ታየኝ፤ ታየኝ ብዬ ነው እንግዲህ። በብዛት ልገዛ አይደል? በብዛት የገዛ ይቀነስለታል። በኩንታል 600 ብር ቢቀነስልኝ ከእንጀራው ላይ 1 ብር ከ9 ሳንቲም ይተርፈኛል ብዬ አሰላሁ። ይህን ቁጥር ያመጣሁት ከራሴ ጉድለት ነው። እሳቸው ምን ያህል መቀነስ ይችላሉ የሚለው ጥያቄ በጭንቅላቴ አላለፈም።

ቅዳሜ ሄድኩ። ቅዳሜ እህል በረንዳ ምን እንደሚመስል የሚያውቅ ያውቀዋል። መደብሩ ሞልቷል፣ ወዛደሮቹ ጆንያ ተሸክመው «ዞር በሉ!» ይላሉ፣ የአንድ ሆቴል ዕቃ ገዢም ተራ ይጠብቃል። እኔ ደግሞ ሁለት መደብር ዞሬ ዋጋ ጠይቄ ስለነበር ልቤ አብጧል። ሰው ሁሉ እየሰማ «ጋሼ፣ እዚያ ማዶ በ12,400 እየሰጡ ነው፤ እኔ እኮ አሁን በወር 20 ኩንታል ነው የምወስደው!» አልኳቸው። መነጽራቸውን አውልቀው ትንሽ ዝም አሉ። ከዚያ «እሺ፣ በዚያው ዋጋ ይውሰዱ» አሉኝ። ይውሰዱ! ቡናም አልጠሩልኝም፣ ሁልጊዜ በጣሳ ዘግነው ከላይ የሚጨምሩልኝን ምርቃትም ሳይጨምሩ ጆንያው ተሰፋ።

ገንዘቡን ግን አገኘሁ። ባለቤቴ «በርቺ፣ ነጋዴ ሆነሻል» አለኝ።

በሁለተኛው ሳምንት ከምታግዘኝ ልጅ አንዷ «እትዬ፣ ሊጡ አልበረክት አለ» አለችኝ። መጀመሪያ እርሾውን ጠረጠርኩ፣ ቀጥሎ አብሲቱን። እንጀራው ዓይን አለው፣ ግን ጠቆር ብሏል፣ ሲታጠፍም ይሰነጠቃል። ከቀረው ጤፍ አንድ እፍኝ ዘግኜ በሰፌድ ላይ በትኜ ፀሐይ ላይ አየሁት። ነጭ ነው፣ ግን ማኛ አይደለም፤ በመሐሉ ቀያይ ፍሬ ጣል ጣል ብሎበታል። ከዚያ ኩንታል የወጣውን ስንቆጥር 500 እንጀራ ሆነ።

እስቲ አብራችሁኝ አስሉ። 13,000 ለ550 ሲካፈል 23 ብር ከ64 ነው። 12,400 ለ500 ሲካፈል 24 ብር ከ80። ዋጋ አስቀንሼ በየእንጀራው ከ1 ብር በላይ ጨምሬ እየከፈልኩ ነበር።

አታለሉኝ ብዬ ልቆጣ ዳዳኝ። እናቴ ናት የመለሰችኝ። እሷ ደግሞ በወጣትነቷ ቅቤ ትነግድ ነበርና የሻጩን ሆድ ታውቃለች። «በ12,400 ማኛ ይሰጡሻል ብሎ ማን ነገረሽ? ያ ማዶው ያለሽ ምን ዓይነት ጤፍ ነበር?» አለችኝ። ለካ አላየሁትም። ዋጋ ጠየቅሁ እንጂ እፍኝ ዘግኜ አላየሁም። እሳቸው በጠየቅሁት ዋጋ የሚገኘውን ጤፍ ሰጡኝ። ደንበኛ ብሆን ኖሮ «ልጄ፣ ይሄ እኮ ለአንቺ እንጀራ አይሆንም» ይሉኝ ነበር። ለ«እርስዎ» ግን ይህን የመንገር ግዴታ የለባቸውም። «ሂሳብሽን ሳትዘጊና ይቅርታ ሳትጠይቂ ስለ ዋጋ እንዳታነሺ» አለችኝ እናቴ።

ማክሰኞ ከሰዓት ሄድኩ፣ ገበያው ቀዝቀዝ በሚልበት ሰዓት። ያደረ ዱቤ ነበረብኝ፤ የ1 ኩንታል ተኩል። መጀመሪያ እሱን ቆጥሬ ሰጠኋቸው። ከዚያ «ጋሼ፣ ያን ቀን ሰው ፊት እንደዚያ መናገር አልነበረብኝም» አልኩ። ረጅም ንግግር አዘጋጅቼ ነበር፤ ከዚህች በላይ አልወጣልኝም። እሳቸውም ቁጭ በይ ብለው ቡና አዘዙ። ስኒው መጥቶ ሁለታችንም ፉት ካልን በኋላ ነው የተነፈሱት። ያ ተራ ይጠብቅ የነበረው የሆቴል ዕቃ ገዢ ሰኞ ጠዋት መጥቶ «ለእሷ የቀነሱትን ለኔም» ብሏቸው ኖሯል። «የአንቺ 600 ብር እኮ የአንቺ ብቻ አይደለም። ሰው ፊት የተቀነሰ ዋጋ ለሁሉም የተቀነሰ ነው» አሉኝ። «አንቺ» ማለታቸውን ልብ አልኩ፤ ትንፋሼ ተመለሰ።

ያኔ ነው ቀድሜ መጠየቅ የነበረብኝን የጠየቅኋቸው። ስለ ዋጋ አላነሳሁም። «እኔ ደንበኛ ስሆን የሚያደክምዎት የቱ ነው?» አልኳቸው።

ሳቁ። ከዚያ በጣታቸው እየቆጠሩ ጀመሩ። አንደኛ፣ አንድ ኩንታል ተኩል መግዛቴ። ግማሹን ለመሙላት ደህናው ጆንያ ይፈታል፣ የቀረው ግማሽ በኪሎ ለሚገዛ ሰው ሲመዘን ይሰነብታል፣ ሲመዘንም ይፈሳል። ሁለተኛ፣ ዱቤዬ። ሁለት ሳምንት፣ አንዳንዴ ሦስት ሳምንት። በዚያ ገንዘብ ምንጃር ያለው ገበሬ ጋ ሄደው ሌላ ጭነት ሊያመጡበት ይችሉ ነበር። ሦስተኛ፣ ሁልጊዜ ሰው በሚበዛበት ቅዳሜ መምጣቴ። ይህን ሁሉ ሲሉ አልተቆጡም፤ እንደ ልጅ ጥፋት ነው የቆጠሩልኝ። እኔ ግን ደነገጥኩ። ይህ ሁሉ ልማዴ እስከዚያ ድረስ በነፃ ይመስለኝ ነበር። ለካ በ13,000 ብሩ ውስጥ ነበር።

ቀጥሎ ያደረጉትን ሁሉም ነጋዴ አያደርገውም፤ ምናልባት በ11 ዓመቱ ነው ያደረጉልኝ። የሲጋራ ፓኮ ቀደዱና በጀርባው ላይ ጻፉልኝ። ጤፉ ከገበሬው ተገዝቶ፣ የደላላውና የመኪናው ተከፍሎ፣ ተራግፎ መደብር እስኪገባ 12,400 ይፈጃል። የሚሸጡት በ13,000 ነው። መሐል ያለው 600 ብር ነው። ከዚያ ላይ የመደብሩ ኪራይ፣ ጥበቃው፣ የልጆቹ ቀለብና ደመወዝ፣ ግብሩ፣ የሚፈሰውና የማይከፈለው ዱቤ ይወጣል። አንድ ወር ሙሉ ተሽጦ ከኩንታሉ እጃቸው ላይ የሚቀረው ወደ 250 ብር ነው። እኔ የጠየቅኋቸው 600።

አፈርኩ። ግን ቁጥሩን ሳየው አንድ ነገርም ገባኝ። ያ ወጪ አብዛኛው የሚመጣው ጤፉ መደብር ገብቶ ሲቀመጥ፣ በጥቂት በጥቂቱ ሲሸጥ፣ በዱቤም ሲሄድ ነው። «ጋሼ፣ መኪናው በገባ ቀን 10 ኩንታል ከመኪናው ላይ እኔ ባነሳልዎትስ? ገንዘቡንም እዚያው ብከፍል?» አልኳቸው። ዝም ብለው የፓኮውን ወረቀት ገለበጡት። 10 ኩንታል በወር ሁለቴ፣ 20 ኩንታል። መደብር አይገባም፣ ሁለት ጊዜ ሸክም አይከፈልበትም፣ አይፈታም፣ አይፈስም። የገንዘቡም አንድ ክፍል በማግስቱ ተመልሶ ምንጃር ይሄዳል። ከዚያ ላይ መቀነስ ከኪሳቸው መስጠት አይሆንም፤ እኔ ካዳንኩላቸው ነው የሚያካፍሉኝ።

የቀረው፣ ምን ያህል እና እንዴት የሚለው ነበር። ቁጥሩን እሳቸው እንዲጠሩት ተውኩ። ይህ ከባድ ነው፣ አፌን ይዤ ነው የቆየሁት። መጨረሻ ላይ ያሉት ነገር ግን በሦስት ወር ባስብ የማይመጣልኝ ነበር። «ዋጋ አልቀንስም» አሉ። «ዋጋው ለሁሉም 13,000 ነው፣ ለአንቺም። ግን እመርቅልሻለሁ። በየ10 ኩንታሉ 20 ኪሎ።»

ምርቃት! ያው ከጣሳው የምትጨመረዋ ምርቃት፣ አሁን በሚዛን ሆነች። 20 ኪሎ በዚያ ሰሞን ዋጋ 2,600 ብር ነው፣ በኩንታል 260 ብር። ከመኪና ላይ ሲሸጡልኝ ከ600ው ላይ 260ውን መርቀውልኝም 340 ይቀራቸዋል፤ ከዚያ ላይ የሚነካው ወጪ ደግሞ ጥቂት ነው። በእኔ በኩል 130,000 ብር ከፍዬ ከ10 ኩንታል ከ20 ኪሎ 5,610 እንጀራ ይወጣኛል፤ የአንዱ ጤፍ 23 ብር ከ17 ሳንቲም ሆነ። 20 ሳንቲም የማይሞላው ትርፌ ወደ 63 ሳንቲም ደረሰ። የጠየቅሁት 600 አልሆነም። እንጀራው ግን ማኛ ነው።

ጥበቡ የገባኝ ቀስ እያለ ነው። በመደብሩ ውስጥ ዋጋ ሲጠራ ማንም የሚሰማው 13,000 ነው፤ የሆቴሉ ዕቃ ገዢም የሚጠይቀው ነገር የለም። ወይም እሱም 10 ኩንታል ከመኪና ላይ ካነሳና እዚያው ከከፈለ ይመረቅለት፣ ማንም አይከፋም። ሁለተኛው ደግሞ ጤፍ ዋጋው እንደማይቆም ነው። ኅዳርና ታኅሣሥ አዲሱ ሲገባ ይረግባል፣ ክረምት ሲጠነክር ይወጣል። እኔ ብቻዬን ቢሆን «ለስድስት ወር በዚህ ዋጋ» ብዬ ላስፈርማቸው ነበር ሐሳቤ። ነሐሴ ላይ ገበያው ሲወጣ ወይ እሳቸው ይከስራሉ፣ ወይ አፍረው ዝም ይሉና ጤፉ ይቀየራል። ኪሎ ግን ከዋጋው ጋር አብሮ ይወጣል፣ አብሮ ይወርዳል፤ ከመቶው ሁለት ኪሎ ምንጊዜም ሁለት ኪሎ ነው።

አንድ ነገር ብቻ እኔ ጨመርኩ። ሁለት የማር ጠርሙስ አጥቤ፣ ከተስማማንበት ማኛ ሞልቼ አንዱን እሳቸው ጋ፣ አንዱን ቤቴ አስቀመጥኩ። መኪና በመጣ ቁጥር ከሦስት አራት ጆንያ ዘግነን ከጠርሙሱ ጎን በሰፌድ ላይ እናየዋለን። መጀመሪያ «አላመንሽኝም?» ይሉኛል ብዬ ፈርቼ ነበር። ይልቅ ወደዱት፤ አሁን ከገበሬው ሲረከቡም ያንን ጠርሙስ ይዘው ነው የሚሄዱት።

ትልቁ ፈተና ገንዘቡ ነበር። በአንድ ቀን 130,000 ብር ከየት ይመጣል? መሥሪያ ቤቱ የሚከፍለኝ በወሩ መጨረሻ ነው። እውነቱን ለመናገር፣ በዱቤ እየገዙ በብዛት ቅናሽ መጠየቅ አንዱን ገንዘብ ሁለቴ መጠየቅ ነው፤ እኔ እስከዚያ ስጠይቅ የነበረው እሱን ነው። የእቁባችንን ዳኛ ለመንኳት፣ ተራው የደረሰው ሰው ፈቅዶልኝ ዕጣውን ቀድሜ ወሰድኩ። ከዚያ በኋላ የመሥሪያ ቤቱን ክፍያ በየ15 ቀኑ እንዲያደርጉልኝ ጠየቅሁ፤ ከሁለት ደብዳቤ በኋላ እሺ አሉኝ። ይህ ባይሳካልኝ ኖሮ ያለ ምርቃት በዱቤ መቀጠሉ ይሻለኝ ነበር። ለ47 ሳንቲም ብሎ በወለድ የሚበደር ሰው ይጎዳል።

10 ኩንታል ቤት ማስቀመጥም ቀላል አይደለም። ደግነቱ ጤፍ ነቀዝ ብዙ የማይደፍረው እህል ነው። ስንዴ ወይም በቆሎ ቢሆን ለምርቃት ብዬ ያን ያህል አልገዛም ነበር። መሬት እንዳይነካ ርብራብ አሠራሁለት፤ ወደ ወፍጮ የምልከው ግን ሁለት ሁለት ኩንታል ብቻ ነው።

ክረምት ላይ አንድ ጊዜ ጎደለብኝ። መሥሪያ ቤቱ የበጀት ዓመት መዝጊያ ነው ብሎ ክፍያ አዘገየ። የጋሼ መኪና በማግስቱ ሊገባ ነው፣ እኔ ጋ ያለው ለ4 ኩንታል የሚበቃ ብር ነው። ድሮ ቢሆን መኪናው ከገባ በኋላ ሄጄ «ትንሽ ይታገሡኝ» እል ነበር። ያን ማታ ደወልኩና «ጋሼ፣ ነገ 4 ብቻ ነው የማነሳው፣ ስድስቱን ለሌላ ሰው ይስጡት። ምርቃቱም ይቅር» አልኳቸው። በሰዓቱ በመስማታቸው ስድስቱን እዚያው ሌሊት ለሌላ ሰው አስያዙ። በማግስቱ 4 ኩንታሌን በሙሉ ዋጋ ከፍዬ ጫንኩ። ምርቃት አልጠየቅሁም፣ እሳቸውም አላሉኝም። ልወጣ ስል ግን ጣሳቸውን አንስተው ከተፈታ ጆንያ ዘገኑና በፌስታል አድርገው «ለልጆቹ ቁርስ» ብለው ሰጡኝ።

ባለፈው ሳምንት ደወሉልኝ። አዲሱ ጤፍ ገብቷል። «አንቺ፣ መኪናው ረቡዕ ጠዋት ነው የሚገባው። ጠርሙስሽን ይዘሽ ነይ» አሉኝ።